አጥብቆ የሚይዘውና በጊዜው የሚለቀው

ሥጋ ቤት ቆሞ ቁርጥ ሲቆረጥ ልብ ብሎ ያየ ሰው የሥጋው መልክ ሲለዋወጥ ያስተውላል። ቢላዋው አሁን የከፈተው ፊት መጀመሪያ ጠቆር ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው። ጥቂት ነፋስ ሲያገኘው ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ውሎ ሲያድር ደግሞ ወደ ቡናማ ይዞራል። ብዙዎቻችን ይህን ቀለም የደም ቀለም አድርገን እንወስደዋለን። በሬው ሲታረድ ግን አብዛኛው ደሙ ፈስሶ አልቋል። ሥጋውን የሚያቀላው በዋናነት ማዮግሎቢን የሚባል፣ የጡንቻ ሴል በውስጡ የሚያኖረው ፕሮቲን ነው። ኦክስጅን ሳይዝ ወይን ጠጅ ነው፤ ሲይዝ ይደምቃል። ቡናማ ሲሆን በውስጡ ያለው ብረት አንድ ኤሌክትሮን አጥቶ ኦክስጅን መያዝ አቁሟል ማለት ነው። የዶሮ ደረት ሥጋ ነጣ፣ የእግሯ ሥጋ ጠቆር የሚለውም ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትሄድበት እግር ብዙ ማዮግሎቢን ስላለው ነው። ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚቆየው ዓሣ ነባሪ ደግሞ ሥጋው በማዮግሎቢን ብዛት ጥቁር እስከ መምሰል ይደርሳል።

ማዮግሎቢን በደም ውስጥ ታዋቂ ዘመድ አለው፤ ሄሞግሎቢን። ሁለቱም ኦክስጅንን የሚይዙት በአንድ ዓይነት መሣሪያ ነው። ሄም የሚባል ጠፍጣፋ ሞለኪውል አለ፤ መካከሉ ላይ አንድ የብረት አተም ተቀምጣለች፤ ኦክስጅኑ እዚያች ብረት ላይ ያርፋል። ማዮግሎቢን 153 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት አንድ ሰንሰለት ሲሆን አንድ ሄም አቅፏል። ሄሞግሎቢን ግን እንደ ማዮግሎቢን የተጣጠፉ አራት ሰንሰለቶች የገጠሙበት ነው፤ ሁለቱ አልፋ፣ ሁለቱ ቤታ ይባላሉ። አራት ሄም ስላለው አራት ኦክስጅን ይጭናል። እንዲህ ሲታይ ሄሞግሎቢን አራት ማዮግሎቢኖች አብረው የታሠሩበት ይመስላል። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ግን ደረጃ ስንወጣ ገና ፎቁ አጋማሽ ላይ እንዝለፈለፍ ነበር። ለምን እንደሆነ ጥቂት ስሌት ያሳየናል።

የኦክስጅን ብዛት የሚለካው በግፊት ነው፤ መለኪያውም ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ሳንባ ውስጥ ግፊቱ 100 ገደማ ነው። ሰውየው ካረፈ ከሕብረ ሕዋሱ የሚመለሰው ደም 40 ገደማ ያሳያል። በሚሠራ ጡንቻ ዙሪያ ወደ 20 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ለኦክስጅን ተሸካሚው ፕሮቲን ትልቁ ጥያቄ በ100 ምን ያህል ይይዛል፣ በ20 ምን ያህል ይቀረዋል የሚለው ነው። ጡንቻው የሚያገኘው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ነው። የቀረው ተጭኖ የመጣው ተመልሶ ይሄዳል፤ ጭነቱን ገበያ አድርሶ ሳያራግፍ እንደሚመለስ የጭነት መኪና ማለት ነው።

ማዮግሎቢን ግማሽ በግማሽ የሚሞላው ግፊቱ 3 እንኳ ሳይሞላ ነው። ስለዚህ በሳንባ 97 በመቶ ይሞላል፤ በጣም ጥሩ። ሥራ ላይ ያለው ጡንቻ ዘንድ ሲደርስ፣ ግፊቱ 20 በሆነበት፣ አሁንም 88 በመቶ እንደ ሞላ ነው። ያራገፈው ከመቶ 9 ብቻ ነው። የጡንቻው ረሃብ ለእሱ ረሃብ አይመስለውም።

ታዲያ መያዣው ላላ ያለ ፕሮቲን ብንወስድስ? ግማሽ የሚሞላው በ26 ቢሆንና፣ እንደ ማዮግሎቢን እያንዳንዱ ሄም ለብቻው የሚሠራ ቢሆን፣ በ20 ግፊት 43 በመቶ ብቻ ይቀረዋል። መልቀቁስ ለቀቀ። ችግሩ ሳንባ ላይም መላላቱ ነው፤ በ100 ግፊት የሚሞላው 79 በመቶ ብቻ ነው። ትርፉ ከመቶ 36 አካባቢ ይሆናል። አጥብቀህ ብትይዝ አትለቅም፤ ብታላላ አትሞላም። ለብቻው የሚሠራ አንድ መያዣ ከዚህ አጣብቂኝ መውጫ የለውም፤ ይህ የሒሳብ እንጂ የፕሮቲኑ ጥራት ጉዳይ አይደለም።

ሄሞግሎቢንም ግማሽ የሚሞላው በ26 ገደማ ነው። ነገር ግን በሳንባ 97 ወይም 98 በመቶ ይሞላል፣ በ20 ግፊት ደግሞ የሚቀረው 32 በመቶ አካባቢ ነው። ያራገፈው ከመቶ 65 ሆነ ማለት ነው። የግፊቱንና የመሙላቱን ዝምድና በወረቀት ላይ ብንስለው የማዮግሎቢን መስመር ገና ከመነሻው ሽቅብ ተወርውሮ ከላይ ይጋደማል። የሄሞግሎቢን ግን መጀመሪያ ላይ ያዘግማል፣ መካከሉ ላይ ገደል ይመስል ይቆማል፣ ከላይ ይተኛል። ያች የቆመችው መካከል የተቀመጠችው በትክክል ሰውነታችን ኦክስጅን በሚቸግረው ቦታ ነው። የዴንማርኩ ፊዚዮሎጂስት ክርስቲያን ቦር ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ጠማማ መስመር በ1904 አሳትሞታል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለምን እንዲህ እንደሚጣመም ለመረዳት ግን ሰባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ መጠበቅ ነበረበት።

መስመሩ የሚጣመመው አራቱ ሄሞች ስለሚሰማሙ ነው። የመጀመሪያው ኦክስጅን በግድ ነው የሚገባው፤ የገባው ግን ለሚቀጥሉት መንገድ ያቀናል። ኦክስጅን ሲለቀቅም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌሎቹን ያላላል። እንግዲህ እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። ሄሞቹ እርስ በርስ አይነካኩም። እያንዳንዱ በየራሱ ኪስ ውስጥ ተቀብሮ ከሌላው ርቆ ነው ያለው። አንዱ መያዙን ሌላው በምን ያውቃል?

የመጀመሪያው ፍንጭ የታየው በማይክሮስኮፕ ነበር። በ1938 ፕራግ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፊሊክስ ሃውሮቪትስ ኦክስጅን የሌለው የሄሞግሎቢን ክሪስታል እያየ ሳለ፣ አየር በክዳኑ ብርጭቆ ሥር ሰርጎ ሲደርስ ወይን ጠጅ የነበሩት ስድስት ማዕዘን ክሪስታሎች ጠፍተው በምትካቸው ቀያይ፣ ረዘም ያሉ ክሪስታሎች ሲበቅሉ ተመለከተ። ክሪስታል ማለት ሞለኪውሎች በሥርዓት የተደረደሩበት ነው። ድርድሩ ከፈረሰ ጡቦቹ ራሳቸው ቅርጽ ለውጠዋል ማለት ነው። ማዮግሎቢን ኦክስጅን ቢያገኝ እንዲህ ያለ ነገር አይታይበትም።

ካምብሪጅ የነበረው ማክስ ፔሩትስ የሃውሮቪትስ ሚስት የአጎቷ ልጅ ወይም የአክስቷ ልጅ የሆነ ዘመድ ነበር፤ ከሃውሮቪትስ ጋር በ1937 ከተነጋገረ በኋላ ሄሞግሎቢንን ይዞ ቀረ። በኤክስሬይ የፕሮቲኑን ቅርጽ ለማየት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀበት። ባልደረባው ጆን ኬንድሩ ቀለል ያለውን ማዮግሎቢን፣ ያውም ከዓሣ ነባሪ ሥጋ የተገኘውን፣ ቀድሞ ፈታው። በ1962 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ሁለቱ ተካፈሉ። ያኔም ቢሆን ሽልማቱ የተሰጠው ለቅርጹ እንጂ ለአሠራሩ አልነበረም። ፔሩትስ የኦክስጅን ያለውንና የሌለውን ሄሞግሎቢን አስተያይቶ አሠራሩን ያቀረበው በ1970 ነው። በኋላ የተጨመሩና የታረሙ ዝርዝሮች ቢኖሩም ዋናው ሐሳብ ዛሬም ቆሟል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሄሙ ባዶ ሲሆን ብረቷ በጠፍጣፋው ሄም መካከል በደንብ አልገባችም። በአንድ ወገን ትንሽ ወጣ ብላ ተቀምጣለች፤ ርቀቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም፣ የዚያ 4 መቶኛ ያህል ብቻ ነው። በወጣችበት ወገን ሂስቲዲን ከሚባል የሰንሰለቱ አሚኖ አሲድ ጋር ተሳስራለች። ኦክስጅን በሌላው ወገን መጥቶ ሲያርፍባት ብረቷ ትጠብና ወደ ሄሙ መካከል ትገባለች። ስትገባ ሂስቲዲኑን ትስበዋለች፤ ሂስቲዲኑ የተተከለበት የሰንሰለቱ ጥምዝ አብሮ ይሳባል፤ ጥምዙ ሲሳብ ሰንሰለቶቹ የሚገናኙበት ጠርዝ ይገፋል።

ማዮግሎቢን ውስጥም ብረቷ እንዲሁ ትንቀሳቀሳለች። ነገር ግን ጠርዙ የሚገፋው ጎረቤት የለም፤ እንቅስቃሴው እዚያው ይቀራል። ሄሞግሎቢን ውስጥ ግን ባዶዎቹ አራት ሰንሰለቶች ተቃራኒ ኤሌክትሪክ ባላቸው ጫፎቻቸው ተያይዘው የጠበቁ ናቸው። ይህን ሁኔታ ሳይንቲስቶች ውጥር ይሉታል። ኦክስጅን እየገባ ሲሄድ እነዚያ ማሠሪያዎች ይበጠሳሉ። ከዚያ አንዱ የአልፋና የቤታ ጥንድ በሌላው ጥንድ ላይ 15 ዲግሪ ያህል ይዞራል፣ ሙሉው ሞለኪውል ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ዘና ያለው ቅርጹ ይለወጣል። ዘና ያለው ቅርጽ ኦክስጅንን የሚወድደው ከውጥሩ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። በዚህም የተነሣ በግማሽ የሞላ ደም ውስጥ ሁለት ሁለት ኦክስጅን የያዙ ሞለኪውሎች ከምንገምተው ያነሱ ናቸው፤ የሚበዙት ወይ ባዶ ለመሆን የቀረቡ ወይ የሞሉ ናቸው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ዘና ያለው ቅርጽ ከውጥሩ ይልቅ ጠበብ ማለቱ ነው፤ አየር ሲስብ የሚኮማተር ሳንባ እንደማለት ነው።

ሞለኪውሉ ሁለት ቅርጽ እያለው ሚዛኑ በቀላሉ የሚያጋድል መሆኑ ሌላ በር ይከፍታል። ኦክስጅን የሚያርፍበትን ቦታ ፈጽሞ ሳይነካ፣ በሌላ ሥፍራ ተጣብቆ ውጥሩን ቅርጽ የሚያጸና ነገር ሁሉ ኦክስጅንን ያስለቅቃል። በባዮኬሚስትሪ አሎስቴሪክ ቁጥጥር የሚባለው ይህ ነው፤ ዣክ ሞኖ፣ ጄፍሪስ ዋይማንና ዣን ፒየር ሻንዡ በ1965 ያቀረቡት የሁለት ቅርጽ ሞዴል ዋና ምሳሌውን ያገኘው በሄሞግሎቢን ነው። ማዮግሎቢን ሁለተኛ ቅርጽ ስለሌለው በዚህ መንገድ ሊታዘዝ አይችልም።

ከአስለቃቂዎቹ ሁሉ ኃይለኛው ቀይ የደም ሴል ራሱ ከስኳር የሚሠራው ቢስፎስፎግሊሰሬት ነው፤ በአጭሩ ቢፒጂ ይባላል። ብዙ አሉታዊ ኤሌክትሪክ ያለው ትንሽ ሞለኪውል ነው። በሄሞግሎቢኑ መሐል ክፍተት አለ፤ የክፍተቱን ዙሪያ የከበቡት የቤታ ሰንሰለቶች አዎንታዊ አሚኖ አሲዶች ናቸው። ውጥሩ ቅርጽ ላይ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ አንድ ቢፒጂ ልክክ ብሎ ይገባበታል፤ ዘና ባለው ላይ ይጠብና ያስወጣዋል። ሬይንሆልድና ሩት ቤኔሽ በ1967 እንዳሳዩት ቢፒጂ ከሌለ ሄሞግሎቢን ወደ ማዮግሎቢን ያደላል፤ ግማሽ የሚሞላበት ግፊት ከ26 ወደ 12 ገደማ ይወርዳል። በዚያ ልክ ብናሰላ በ20 ግፊት 80 በመቶ ገደማ ሞልቶ ይቀራል። ደም ባንክ ውስጥ የተቀመጠ ደም ቢፒጂው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ሊያልቅ ይቃረባል። ለታማሚው ከተሰጠ በኋላ ሴሎቹ መልሰው ይሠሩታል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለተኛው አስለቃቂ አሲድ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ያመነጫል፤ የሃይድሮጅን አዮኖቹ በሄሞግሎቢኑ ጫፎች ላይ ተጣብቀው ውጥሩን ቅርጽ የሚያስሩትን ማሠሪያዎች ያጠናክራሉ። የደሙ ፒኤች ከ7.4 ወደ 7.2 ቢወርድ ግማሽ የሚሞላበት ግፊት ከ26 ወደ 32 ገደማ ይወጣል። ቅድም በ20 ግፊት 32 በመቶ የቀረው ሄሞግሎቢን አሁን 21 በመቶ ብቻ ይቀረዋል። አስቡት፤ ግፊቱ አልተለወጠም፣ ጡንቻው ግን በሥራው ብዛት ከመቶ 11 ተጨማሪ አወረደ። ይህ የቦር ውጤት ይባላል። ያራገፈው ኦክስጅን ደግሞ ጡንቻው ውስጥ ለማዮግሎቢኑ ይደርሳል፤ የማዮግሎቢን አጥባቂነት ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ነው፤ ከሄሞግሎቢን ሊቀበል የሚችለው አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። እሱ የሚለቀው በሴሉ ውስጥ ግፊቱ ወደ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲወርድ ነው። ያም ሆኖ በ1998 ማዮግሎቢን የሌላቸው አይጦች ተፈጥረው ኖረዋል፤ ሰውነታቸው በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ የልባቸውን ጥቃቅን የደም ሥሮች በማብዛት፣ ጉድለቱን ሸፍኖታል።

በማሕፀን ያለ ፅንስ ከእናቱ ኦክስጅን የሚነጥቀው በዚሁ ብልሃት ነው። የፅንስ ሄሞግሎቢን በቤታ ፈንታ ጋማ የሚባል ሰንሰለት አለው። በቢፒጂ ክፍተት ዙሪያ፣ በቤታ ላይ አዎንታዊ ሂስቲዲን በሚቀመጥበት 143ኛው ሥፍራ፣ በጋማ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ የሌለው ሰሪን ነው። ስለዚህ ቢፒጂ በደንብ አይጣበቅበትም፤ ግማሽ የሚሞላበት ግፊት 20 ገደማ ላይ ይሆናል። እናቲቱ በምታላላበት ግፊት ፅንሱ ይሞላል።

አሁን ወደ መስመሩ የላይኛው፣ ጋደም ወዳለው ክፍል እንመለስ፤ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛው አካባቢ ነው። በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከ100 ወደ 70 ቢወርድ እንኳ ሄሞግሎቢን 94 በመቶ ይሞላል። ከግፊቱ ሠላሳ በመቶ ጠፍቶ ከጭነቱ የጎደለው ከመቶ 4 ብቻ ነው። ይህ በጎ ነገር ግን ሐኪምን ሊያታልል ይችላል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 90 ሲል ከ97 ብዙ የራቀ አይመስልም፤ ግፊቱ ግን ወደ 60 ወርዷል፣ ታማሚው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሟል። ከዚያ በታች ትንሽ ግፊት ሲቀንስ ብዙ ኦክስጅን ይጠፋል።

የሄሞግሎቢን መስማማት ወደ ጉዳት የሚለወጥበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እኛ ቤትም የታወቀ ነው። በደንብ ያልተቀጣጠለም ሆነ የፋመ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም። በሄሟ ብረት ላይ ኦክስጅን በሚያርፍበት ቦታ ያርፋል፤ የሚይዘውም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው። በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ቢኖር ለብዙ ሰዓት የተኛበት ሰው ከግማሽ የሚበልጠው ሄሞግሎቢኑ በእሱ ሊያዝ ይችላል።

ግማሽ ሄሞግሎቢን ማጣት ብቻውን ሁልጊዜ አይገድልም። ቀስ በቀስ በደም ማነስ ተይዞ ሄሞግሎቢኑ በግማሽ የቀነሰ ሰው ይደክመዋል፣ ያለከልካል፣ ግን በእግሩ ክሊኒክ ይደርሳል። ግማሹ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘበት ሰው ግን ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። የጎደለው ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ የመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደ ኦክስጅን ሞለኪውሉን ወደ ዘና ያለው ቅርጽ ስለሚያዞረው ነው። ከአራቱ ሄሞች ሁለቱ ሲያዙ የቀሩት ሁለቱ ኦክስጅን ቢይዙም አይለቁም። ውጥሩ ቅርጽ አይመለስም፣ ቢፒጂ መግቢያ ያጣል፣ መስመሩም የማዮግሎቢንን እየመሰለ ይሄዳል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ያሉት ጥቂት ሄሞግሎቢኖች የያዙትን ሁሉ ያራግፋሉ፤ የተመረዘው ሰው ግን የያዘውን ኦክስጅን ተሸክሞ ይታፈናል።

መለየቱም አስቸጋሪ ነው። የተለመደው የጣት መለኪያ የሚያነበው የደሙን ቀለም ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘ ሄሞግሎቢን ደግሞ ለመሣሪያው ኦክስጅን የያዘ ይመስለዋል። ሰውየው ራሱን እየሳተ መለኪያው 98 ሊል ይችላል። እርግጠኛ የሚያደርገው ካርቦን ሞኖክሳይድን ለይቶ የሚለካ የደም ምርመራ ነው፤ ምርመራው በሌለበት ግን ብዙውን ጊዜ የሚያጋልጠው ታሪኩ ነው፤ ሌሊት የተዘጋ ክፍል፣ ማንደጃ ላይ የተተወ ከሰል፣ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ያመማቸውና ያቅለሸለሻቸው ሁለት ሦስት የቤቱ ሰዎች። ሕክምናው ሰውየውን ወደ ውጭ ማውጣትና ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል መስጠት ነው። ኦክስጅኑ በብዛቱ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከብረቷ ላይ እየገፋ ያወጣዋል። በተራ አየር ግማሹ እስኪወጣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ ይበልጣል።